መጽሐፉ አለ፤ ያለው ግን በአባቱ ስም ነው

ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ የባሕሩ ዘውዴን የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጠይቃችሁ «ወጥቷል» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰልፉ ሲረዝም ከጠረጴዛው ወዲህ የምንቀመጥ ሰዎች የማንናገረውን ልንገራችሁ። ሁለተኛው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያው የታሪክ መደርደሪያ ላይ አለ። የመጀመሪያው ከመደርደሪያው መነሻ፣ ከ«ቢ» ፊደል ጋር፣ ባሕሩ በሚለው ስም ቆሞ ስለነበር አንባቢ አገኘውና ተዋሰው። ሁለተኛው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከ«ዜድ» ፊደል ጋር፣ ዘውዴ በሚለው ስም ተቀምጧል። እዚያ የሚፈልገው ስለሌለ አቧራ ለብሶ ይከርማል።

ይህ የአንድ ሠራተኛ ግድየለሽነት አይደለም። መጻሕፍትን መጀመሪያ በርዕሰ ጉዳይ፣ ቀጥሎ በደራሲው የቤተሰብ ስም የሚደረድረው ሥርዓት የተሠራው የቤተሰብ ስም ላላቸው ሰዎች ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ የመጀመሪያው ግማሽ ያለ ችግር ይሠራል፤ ሁለተኛው ግማሽ ግን ይሰናከላል። መደርደሪያ ላይ የሚጠፉት መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚጠፉት በዚህ ስንጥቅ ነው።

የመጽሐፉን ጀርባ ተመልከቱ። ከግርጌው የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ሁለት መስመር አላት። ላይኛው ቁጥር ነው፤ መጽሐፉ ስለ ምን እንደሆነ ይናገራል። ታችኛው ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው፤ የማን እንደሆነ ይናገራል። ቁጥሩ የሚመጣው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ በ1876 ካሳተመው የአስርዮሽ አመዳደብ ነው። በዚያ ሥርዓት 900 ታሪክና ጂኦግራፊ፣ 960 የአፍሪካ ታሪክ፣ 963 ደግሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ ነው። ከነጥቡ በኋላ እየጠበበ ይሄዳል፤ ስለ ምኒልክ ዘመንና ስለ ዓድዋ የተጻፈ 963.043 ላይ፣ ስለ 1935ቱ የኢጣሊያ ወረራ የተጻፈ 963.056 ላይ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ አዲስ ሠራተኛ ሁሉ የሚሳሳታት አንዲት ነገር አለች። 963.043 እና 963.05 ቢሰጡት 43 ከ5 ይበልጣል ብሎ የዓድዋውን መጽሐፍ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ከነጥብ በኋላ ያለው ግን እንደ ሙሉ ቁጥር አይቆጠርም፤ አኃዝ በአኃዝ ነው የሚነበበው። በሁለቱም ላይ የመጀመሪያው 0 ነው፤ ሁለተኛው በአንዱ 4፣ በሌላው 5 ነው፤ ስለዚህ 963.043 ይቀድማል። ትክክለኛው ሰልፍ 963.043፣ 963.05፣ 963.056፣ ከዚያ 963.1 ነው። 963.1 ቁጥሩ አጭር ስለሆነ ብቻ ከፊት ተሰክቶ ካያችሁት፣ በዚያ ክፍል ያለውን አደራደር ሁሉ ተጠራጠሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አሜሪካ ውስጥ ባለ የአንድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት 963 ሥር ያሉት መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ሁሉንም በዓይን ቃኝቶ መጨረስ ስለሚቻል ታችኛው መስመር ቢሳሳትም ማንም አይጎዳም። አዲስ አበባ ግን ሥርዓቱ ለመላው የኢትዮጵያ ታሪክ የመደበው ይህ አንድ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር የመደርደሪያ ረድፎችን ይሞላል። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጠው 963 ላይ ስለሚያቆሙ ክምሩ የባሰ ይወፍራል። የአማርኛ ልቦለድም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ ለሥነ ጽሑፉ ሙሉ 820ን ሲይዝ፣ አማርኛ «ሌሎች ቋንቋዎች» ከተባሉት ውስጥ 892.87ን አገኘ፤ ልቦለድ ሲሆን 892.873 ይሆናል። የአማርኛ ልቦለድ ሁሉ፣ ከኅሩይ እስከ በዓሉ፣ በዚያ አንድ ቁጥር ይሰለፋል። አንዱን ከሌላው የሚለየው ታችኛው መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ለእኛ ባልታሰበበት ቦታ ላይ ነው ከማንም በላይ የምንደገፍበት።

ታችኛው መስመር የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። እኛ ደግሞ የራስ ስም እና የአባት ስም ነው ያለን። ባሕሩ የሰውዬው ስም ነው፤ ዘውዴ አባቱ ናቸው። መጽሐፉን «ዘውዴ» ብሎ መመደብ ሥራውን ለአባትየው መስጠት ነው። ይህን የሚያውቁ የውጭ ተቋማት አሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባሕሩ ዘውዴንም ታደሰ ታምራትንም ሳይገለብጥ፣ በመካከሉ ኮማ ሳያስገባ፣ በራሳቸው ስም ነው የመዘገባቸው። በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይዘረዝራል። ችግሩ የሚመጣው ከሌላው ወገን ነው፤ ከአሳታሚ ዝርዝር፣ ከመጽሐፍ ሻጭ፣ ከግርጌ ማስታወሻ። እነሱ ጋ የመጨረሻው ቃል የቤተሰብ ስም ነው፤ ስለዚህ ያለ ብዙ ማሰብ ይገለብጡታል።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ይህ ሁሉ የአንድ አኃዝ ጉዳይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ካታሎገር መረጃውን ከባዶ አይጽፍም፤ ተዘጋጅቶ ያለን መዝገብ ከሌላ ቤተ መጻሕፍት ይቀዳል። ደራሲው የሚጻፍበት መስክ 100 ይባላል። ከእሱ አጠገብ ያለችው አኃዝ 0 ከሆነች ስሙ በራስ ስም ይጀምራል ማለት ነው፤ 1 ከሆነች በቤተሰብ ስም ይጀምራል ማለት ነው። የአንድ ሰው ሁለት መዝገብ እንዲህ ሆኖ ይታያል፦

```
100 0_ $a Bahru Zewde
100 1_ $a Zewde, Bahru
```

የጀርባው ወረቀት ፊደሎች የሚወሰዱት ከዚህ መስመር መነሻ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ አንዱን ቅጂ ገዝቶ ከላይኛው መዝገብ ቀዳው። ሌላው ቅጂ በስጦታ ካርቶን፣ ወረቀቱ ተለጥፎበት መጣ፤ መዝገቡ ከታችኛው ዓይነት ነው። የሚለጥፈው ሠራተኛ ቁጥሩን አየ፣ 963 ነው፤ ትክክል ነው ብሎ ወደ መደርደሪያ ላከው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ደራሲዎች እንዳሉት ስለሚያምን ስንት ቅጂ አለ ሲባል አንድ ይላል። በዚህ መንገድ ነው ያለ መጽሐፍ «የለም» የሚባለው።

እንዴት ይታወቃል? መደርደሪያው ላይ ከ«ደብሊው» እስከ «ዜድ» ያለውን ክፍል ሄዳችሁ እዩት። ወልደ፣ ይማም፣ ዘውዴ እያለ የሚሄድ ከሆነ፣ ሽፋኑን አውጥታችሁ የደራሲውን ሙሉ ስም አንብቡ። ወልደ ወይም ይማም የራሱ ስም የሆነ ሰው ይኖራል፤ እሱ በቦታው ነው። የአባቱ ስም የሆነበት ግን በስህተት የተቀመጠ ነው፤ ሌላው ቅጂው ደግሞ ምናልባት በራሱ ስም ሌላ ቦታ ቆሟል። እኛ በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ስናደርግ መጀመሪያ የምንሄደው ወደዚያ ክፍል ነው፤ «ጠፋ» ተብሎ የተጻፈው ብዙው የሚገኘው እዚያ ነው።

ታዲያ መፍትሔው ስም ሁሉ በመጀመሪያው ቃል ይመደብ ማለት ነው? አይደለም። ያንኑ 963 ላይ ቁሙና «ፒ» ፊደል ጋ ድረሱ። የፓንክረስት ቤተሰብ አለ፤ ሲልቪያ ፓንክረስት በ1955 ያሳተመችው የኢትዮጵያ የባህል ታሪክ፣ የልጇ የሪቻርድ ፓንክረስት ብዙ መጻሕፍት። እነሱ የቤተሰብ ስም ስላላቸው በ«ፓንክረስት» ተሰልፈዋል፤ ትክክል ነው። የሪቻርድ ባለቤት ሪታ ፓንክረስት ደግሞ የአዲስ አበባውን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የመሩ፣ የእኛው ሙያ ሰው ነበሩ። አሁን የልጃቸውን የአሉላን መጽሐፍ አምጡ። ስሙ ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሥርዓቱን በጭፍን የተማረ ሠራተኛ «አሉላ» ብሎ ወደ «ኤ» ሊልከው ይችላል። አሉላ ግን ፓንክረስት የሚለውን እንደ ቤተሰብ ስም ነው የሚጠቀመው፤ ቦታው ከእናቱና ከአባቱ ጎን ነው፣ ርዕሰ ጉዳዩ እስካልለየው ድረስ። የሚወስነው የስሙ ድምፅ ሳይሆን ሰውየው ስሙን የሚጠቀምበት ልማድ ነው።

ውጭ ያደጉ ጸሐፊዎቻችን ነገሩን ይበልጥ ያወሳስቡታል። ዲናው መንግሥቱና መዓዛ መንግሥቴ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ በዲዊ ቁጥር የአሜሪካ ልቦለድ ስለሆኑ 813.6 ላይ ይመደባሉ እንጂ ወደ 892.873 አይመጡም። አሜሪካ ውስጥ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ሆኖላቸዋል፤ እነሱም እንደዚያ ይጠቀሙበታል። ስለዚህ በዚያ አገር መደርደሪያ ሁለቱም «ኤም» ላይ፣ በሁለት አናባቢዎች ብቻ ተለያይተው፣ ጎረቤት ሆነው ይገኛሉ። እኛ ጋ ሲመጡ ጥያቄ ይነሳል። ዲናው ብለን ወደ «ዲ» ብንወስደው ከመዓዛ ይርቃል። እኔ የምከተለው ጸሐፊዎቹ የሚኖሩበትን አገር ልማድ ነው፤ በራሳቸው መጽሐፍ ላይ የቤተሰብ ስም አድርገው የተጠቀሙበትን ልንቀማቸው አይገባም። ግን አንባቢው በስሙ እንደሚጠራው አውቃለሁ። ስለዚህ ካታሎጉ ላይ «ዲናውን ለማግኘት መንግሥቱን ይመልከቱ» የሚል መምሪያ እንጨምራለን። ያ መምሪያ በሌለበት ቤተ መጻሕፍት ሁለቱንም ቦታ ማየት አለባችሁ።

እስካሁን የተናገርኩት በላቲን ፊደል ስለሚሰለፉት ነው። የአማርኛው መደርደሪያ የራሱ ምስጢር አለው፤ ምስጢሩ ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎች ናቸው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን «አዲስ ዓለም» ልቦለድ እንውሰድ። ስማቸው በትክክል የሚጻፈው በ«ኅ» ነው። «ኀ» በፊደል ገበታችን 13ኛ ላይ፣ ከ«ቸ» በኋላ ከ«ነ» በፊት ነች። አንዱ ካታሎገር በ«ሕ» ከጻፋቸው 3ኛ ፊደል ላይ፣ ከ«ለ» አጠገብ ይሆናሉ። ሌላው በ«ህ» ከጻፋቸው የመደርደሪያው መጀመሪያ ላይ ይወጣሉ። ከ«ህ» እስከ «ኅ» ለመድረስ ማሞ ውድነህን፣ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን፣ በዓሉ ግርማንና ብርሃኑ ዘሪሁንን ማለፍ አለባችሁ። ማዕረጉን ከስም ያልለየ ሠራተኛ ካለ ደግሞ አራተኛ ቦታ ይጨመራል፤ «ብላቴን ጌታ» ብሎ በ«በ» ይመድባቸዋል። አለቃ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ዶክተር፣ አባ፣ ሁሉም ለመደርደር ሲባል እንደሌለ መቆጠር አለባቸው።

«አ» እና «ዐ»ም እንዲሁ ያሳስታሉ። በመካከላቸው «ከ» እና «ወ» ስላሉ ከበደ ሚካኤል ከነመጻሕፍታቸው አለማየሁ በሚሉትና ዓለማየሁ በሚሉት መካከል ይቆማሉ። «ጸ» እና «ፀ» ግን ጎን ለጎን ስለሆኑ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በየትኛውም ቢጽፉት ብዙ አይርቅም። ኮምፒውተሩ በዚህ አይረዳንም። ለእሱ «ሀ» እና «ሐ» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ በ«ሐ» ጽፋችሁ ብትፈልጉ በ«ሀ» የተመዘገበውን አያመጣም። ስለዚህ ፍለጋው «ምንም አልተገኘም» ካለ መጽሐፉ የለም ከማለታችሁ በፊት የስሙን ፊደል ለውጣችሁ ደግማችሁ ሞክሩ። ሥራውን የሚያውቅ ቤተ መጻሕፍት ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ አጻጻፍ ይመርጣል፣ ሌሎቹን ወደዚያ ይመራል፤ በካርድ ዘመን ይህ ሥራ በእጅ በተጻፉ የ«ይመልከቱ» ካርዶች ይሠራ ነበር።

ጥምር ስሞች ደግሞ ክፍተትን ይጠይቃሉ። ገብረ ሕይወት፣ ወልደ ሥላሴ፣ ኃይለ ማርያም የመሳሰሉት ሁለት ቃል ቢሆኑም አንድ ስም ናቸው፤ ለሁለት አይከፈሉም። ገልብጦ «ሥላሴ፣ ኃይለ» የሚል መዝገብ ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። ከዚህ የሚረቅ ሌላ ጉዳይም አለ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ክፍተትን ከፊደል ሁሉ ያስቀድማሉ። በዚያ ደንብ «ገብረ ክርስቶስ» ተለያይቶ ከተጻፈ፣ አንድ ላይ ከተጻፈው «ገብረሕይወት» ይቀድማል፤ ምንም እንኳ «ሕ» ከ«ክ» በፊት ብትሆንም። ስለዚህ አንዱ አሳታሚ ገጣጥሞ፣ ሌላው ነጣጥሎ ያተመው ያው ደራሲ ሁለት ቦታ ይቀመጣል። በዚያ ላይ የጀርባው ወረቀት ሦስት ፊደል ብቻ ከያዘ የገብረ ስሞች ሁሉ «ገብረ» ተብለው ይቀራሉ፤ ማንን ከማን ትለያላችሁ? እኔ እዚህ ላይ የአባትን ስም የመጀመሪያ ፊደል እጨምራለሁ። ለገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «ገብረሕ» ብዬ ከሥሩ «ባ» እጽፋለሁ። ወረቀቱ ጠባብ ነው፤ ቢሆንም ይበቃል።

በርዕሰ ጉዳይ መቅደሙ ራሱ አንባቢን የሚያደናግርበት አንድ ቦታ ስላለ እሱንም ልንገራችሁ። «የሐዲስ ዓለማየሁን መጻሕፍት በሙሉ አሳዩኝ» የሚል አንባቢ ወደ አንድ መደርደሪያ ልወስደው አልችልም። «ፍቅር እስከ መቃብር» 892.873 ላይ ነው። «ተረት ተረት የመሠረት» የአፈ ታሪክ ስብስብ ስለሆነ 398.2 ላይ ነው። የኢጣሊያን ወረራ ዘመን የሚያወሱበት «ትዝታ» ወደ 963 ይሄዳል። «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» ደግሞ የፖለቲካ መጽሐፍ ነው፤ 320 ውስጥ ከመንግሥት ሥርዓት ጋር ይቆማል። አንድ ሰው አራት ክፍል። ልቦለዱን ያገኘ አንባቢ ሌሎቹም እዚያው እንደሚሆኑ አምኖ ሲያጣቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱ የሐዲስን አንድ መጽሐፍ ብቻ እንዳለው አድርጎ ያወራል። በደራሲ ስም የሚፈለገው በካታሎጉ እንጂ በመደርደሪያው አይደለም፤ መደርደሪያው የሚመልሰው «ስለዚህ ነገር ሌላ ማን ጻፈ?» ለሚል ሰው ነው። «ትዝታ»ን ያነሳ እጅ በጎኑ ስለዚያው ጦርነት የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍት ይነካል፤ ርዕሰ ጉዳይ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ስትመጡ ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ አትሂዱ፤ ሁለቱንም መስመር ጻፉ። ቦታው ላይ ካጣችሁት በቅደም ተከተል አራት ነገር ፈትሹ። መጀመሪያ በቁጥሩ ግራና ቀኝ አሥር አሥር መጽሐፍ እዩ፤ አብዛኛው የተሳሳተ መጽሐፍ ሩቅ አይሄድም። ቀጥሎ በዚያው ቁጥር ሥር የአባቱን ስም ፈልጉ። ከዚያ የስሙን ፊደል ለውጡ፤ «ሐ»ን በ«ሀ»፣ «ዓ»ን በ«አ»። በመጨረሻ አንባቢዎች አንብበው የተዉአቸውን መጻሕፍት የምንሰበስብበትን ጋሪ ጠይቁ፤ ገና ያልተመለሰ መጽሐፍ እዚያ ላይ ይኖራል።

በፈተና ሰሞን አምስተኛ ቦታ አለ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ለነገ ለማቆየት ተማሪዎች ሆን ብለው ሌላ ክፍል ውስጥ ይሰኩታል፤ የሚመርጡትም ማንም የማይደርስበትን ላይኛውን ረድፍ፣ ብዙ ጊዜም ከበሩ የሚርቀውን ነው። ጠዋት መደርደሪያ ስናነብ፣ ማለትም የጀርባ ወረቀቶቹን ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ በጣት እየነካን ስናልፍ፣ በ540 ቁጥር የኬሚስትሪ መጻሕፍት መካከል 963 ብቻውን ቆሞ እናገኘዋለን። አግኝተን ስንመልሰው የደበቀው ልጅ ተመልሶ መጥቶ የደበቀበት ቦታ ሲያጣው እናያለን። ያኔ ወደ ትክክለኛው ቦታ፣ በትክክለኛው ስሙ፣ «ቢ» ጋ ወስደን እናሳየዋለን።